«ከታዘዘው ስንቱን ሰጠን?» ከማለት በፊት፦ ስለ መለኪያ ሰሌዳ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«የመለኪያ ሰሌዳ ቀላል ካልሆነ ማንም አያነበውም። የማሟላት ምጣኔ ማለት ደንበኛው ካዘዘው ስንቱን ሰጠነው ማለት ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ 95 በመቶ ከደረስን በቂ ነው። የጥሪ ማስተናገጃ ጊዜም ስልኩ ከተነሣ እስኪዘጋ ያለው ነው፤ የየሠራተኛውን አማካይ ደምሮ ለሠራተኞቹ ቁጥር ማካፈል ነው። ውጤቱን በየወሩ መጨረሻ ማውጣት ይበቃል። ቀመርና ማብራሪያ የሚያበዙ ሰዎች ከሥራው ይልቅ ወረቀቱን የሚወዱ ናቸው።»

የተከበሩ ጸሐፊ፣ ይህን ያነበብኩት ደብረ ማርቆስ፣ የመጋዘን መዝገብ ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ላሉ ሱቆች ዕቃ በሚያከፋፍሉ መጋዘኖች ውስጥ ለዓመታት መዝገብ ይዣለሁ፤ ሰሌዳም አዘጋጅቻለሁ። ሰሌዳው አጭር ይሁን በሚለው እስማማለሁ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ከአምስት ቁጥር ባይበልጥ እኔም ደስ ይለኛል። የምንለያየው ከዚያ በኋላ ባለው ሁሉ ነውና በተራ ልመልስ።

መጀመሪያ «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» ስላሉት። ከቢቸና አንድ ነጋዴ ለመስቀል ገበያ የላኩት ማዘዣ ነበር። ያዘዙትና የደረሳቸው በካርቶን ሲቆጠር ይህን ይመስላል፦

```
ዕቃ      የታዘዘ   የተላከ
ሳሙና      40      40
ዘይት      20      12
ፓስታ      30      36
ክብሪት     10       0
ድምር     100      88
```

ዘይቱ ስላላዳረሰ 12 ብቻ ተጫነ። ክብሪት ጭራሽ አልነበረም። ፓስታው ግን መጋዘኑ ውስጥ ተትረፍርፎ ስለነበርና መኪናው ላይ ቦታ ስለተገኘ ስድስት ካርቶን ተጨምሮበታል። እንግዲህ «ካዘዘው ስንቱን ሰጠነው?» ብለን እንጠይቅ።

የመጋዘን ኃላፊው ድምሩን አይቶ 88 በመቶ አለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ያልታዘዘ ፓስታ የጎደለ ዘይት ሊተካ አይችልም ብላ ስድስቱን ቀነሰችና 82 በመቶ አለች። የሽያጭ ክፍሉ ክብሪት እንደሌለ ሲታወቅ ከማዘዣው ላይ ሰርዞት ስለነበር 88ን ለ90 አካፍሎ 97.8 በመቶ አገኘ። ሌላው ደግሞ ረድፎቹን ቆጠረ፤ ከአራቱ ረድፍ በሙሉ የተሟሉት ሳሙናና ፓስታ ናቸውና 50 በመቶ ነው አለ። ነጋዴውን ብንጠይቃቸው ማዘዣዬ አልተሟላም ነው የሚሉት፤ ከአንድ ማዘዣ ዜሮ፣ ዜሮ በመቶ። ማዘዣው በመጋዘኑ አቅም ልክ እንደገና ቢጻፍ ኖሮ፣ ማለትም ዘይቱ 12 ተደርጎ ክብሪቱ ቢሰረዝ፣ ትርፉን ፓስታ ሳንቆጥር እንኳ 82 ለ82 ሆኖ 100 በመቶ ይወጣል።

አንድ መኪና፣ አንድ ማዘዣ፣ ከዜሮ እስከ መቶ የተዘረጋ ስድስት መልስ። ከእነዚህ ሰዎች አንዳቸውም አልዋሹም። ሁሉም እርስዎ በጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሠሩት።

የልዩነቱን ሥር ለማየት ክፍልፋይ የተማርንበትን ላዕልና ታህት ማስታወስ ይበቃል። ላዕሉ የሰጠነው ነው፤ ታህቱ የተጠየቅነው ነው። ብዙ ሰው ክርክሩ ላዕሉ ላይ ያለ ይመስለዋል። በእኔ ልምድ ግን ቁጥሩ የሚበላሸው በታህቱ በኩል ነው፤ የወጣው ዕቃ በደረሰኝ ሲያዝ፣ የተጠየቀው ግን በእስክሪብቶ ይለወጣልና። ስለዚህ ለሰሌዳው እኔ የምጠቀምበት ቀመር የሚከተለው ነው፦

```
የማሟላት ምጣኔ =
  ድምር (በየረድፉ ከታዘዘውና በቀጠሮው ቀን ከተላከው ትንሹ)
  ÷ ድምር (ደንበኛው መጀመሪያ ያዘዘው) × 100
```

በኤክሴል ሲሠራ ከላይ ያለው ሠንጠረዥ ከራስጌው ጋር በA፣ በB እና በC ዓምድ ከገባ በኋላ አንድ ዓምድ ይጨመራል። የመጀመሪያው መስመር እስከ D5 ድረስ ወደ ታች ይገለበጣል፤ ሁለተኛው 0.82 ይሰጣል፦

```
D2:  =MIN(B2,C2)
D6:  =IF(SUM(B2:B5)=0,"",SUM(D2:D5)/SUM(B2:B5))
```

«ትንሹ» የሚለው ቃል የፓስታውን ትርፍ የዘይቱን ጉድለት እንዳይሸፍን ያግደዋል። «መጀመሪያ ያዘዘው» የሚለው ማዘዣው መጋዘን ደርሶ ከመስተካከሉ በፊት ያለውን ቁጥር ይይዛል። ታህቱ የሚቀነሰው ደንበኛው ራሱ፣ ዕቃው ከመጫኑ በፊት፣ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ ብሎ ሲያሳውቅና ይህም ሲመዘገብ ብቻ ነው። ዕቃ አለመኖሩ ታህቱን ለመቀነስ ምክንያት አይሆንም፤ እንዲያውም ልንለካ የተነሣነው እርሱን ነው። «በቀጠሮው ቀን» ያልኩትም በምክንያት ነው። ስምንቱ ካርቶን ዘይት ከሳምንት በኋላ ቢላክ መልካም ነው፤ መላክም አለበት፤ ነገር ግን መስቀል አልፏል። ቀመሩ ቀን ከሌለው ዘግይቶ የተላከ ሁሉ ላዕሉ ውስጥ እየገባ የሁሉም መጋዘን ውጤት ውሎ አድሮ መቶ ይሆናል። ማዘዣ ያልመጣበት ቀን ደግሞ ባዶ ይተዋል። ዜሮ ቢጻፍ ያልተበደለ ደንበኛ ተበድሏል ማለት ነው፤ መቶ ቢጻፍም ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ታህቱ ከዕቃ መጠየቂያው ከሞዴል 20፣ ላዕሉ ከዕቃ ወጪው ከሞዴል 22 ይወሰዳል። መጠየቂያውን ከወጪው ጋር እንዲስማማ አድርጎ እንደገና መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ለእርሱ ማስረዳት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ነገር እዚህ አለ። ከሠራሁባቸው ድርጅቶች በአንዱ፣ ስሙን አልጠቅስም፣ ሁለት መጋዘኖች በዚህ መለኪያ ይወዳደሩ ነበር። አንደኛው መጋዘን ላይ ያለው ወጣት የመጣውን ማዘዣ እንደመጣ ይመዘግብ ነበር። የሌላው ኃላፊ ግን ስልክ ደውሎ «ዘይት 12 ብቻ ነው ያለው፣ 12 አድርጌ ልጻፈው?» ይልና ነጋዴው እሺ ሲለው ማዘዣውን ይለውጣል። በክፋት አልነበረም፤ ቀመሩ አልተጻፈምና የተሻለ አገልግሎት የሰጠ መስሎት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የመጀመሪያው ወጣት ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ሁለተኛው ጉርሻ ተቀበለ። ወጣቱ ሥራውን ለቆ ሄደ። ሁለቱ መጋዘኖች ዕቃ የሚያልቅባቸው በተመሳሳይ ሳምንት፣ በተመሳሳይ ዕቃ ነበር።

እንዲህ ያለውን ነገር ከመዝገቡ ላይ እንዴት ማወቅ ይቻላል? እኔ ያወቅሁት በቁጥሮቹ መልክ ነው። የሱቅ ነጋዴ የሚያዝዘው በድፍን ቁጥር ነው፤ አምስት፣ አሥር፣ ሃያ፣ ሃምሳ ካርቶን ይላል። ሰባት ካርቶን ዘይት ወይም አሥራ ሦስት ካርቶን ሳሙና የሚያዝዝ እምብዛም አይገኝም። የሁለተኛውን መጋዘን ማዘዣዎች ስገልጥ 7፣ 13፣ 17 እያለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱም ከተላከው ጋር ልክ እኩል ነው። ነጋዴው ያዘዘው ሳይሆን መጋዘኑ የነበረው ነው የታዘዘ ተብሎ የተጻፈው። መዝገብ ያለዎት ከሆነ እባክዎ ይህንኑ ይሞክሩ፤ ግማሽ ቀን አይወስድም።

ሁለተኛ፣ ስለ 95 በመቶ። በካርቶን የተለካ 95 እና በሙሉ ማዘዣ የተለካ 95 የተለያየ ነገር ነው። አንድ ሱቅ በአንድ ማዘዣ አሥር ዓይነት ዕቃ ያዝዛል እንበል። እያንዳንዱ ረድፍ ሙሉ በሙሉ የመሟላት ዕድሉ 95 በመቶ ቢሆንና አንዱ መጉደሉ ከሌላው መጉደል ጋር ባይያያዝ፣ አሥሩም የመሟላታቸው ዕድል 0.95 አሥር ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ይህም ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ከአሥር ነጋዴ አራቱ የጎደለ ዕቃ ይደርሳቸዋል ማለት ነው። በእርግጥ ዕቃ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ተያይዞ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና ዓባይ በረሃ ላይ ሲዘገይ የጫነው ሁሉ አብሮ ይዘገያልና እውነተኛው ቁጥር ከ60 ከፍ ሊል ይችላል። ቢሆንም ግቡ «በቂ ነው» ከመባሉ በፊት የቱ 95 እንደሆነ መጻፍ አለበት። እኔ ሰሌዳው ላይ የካርቶኑን አስቀምጬ ከሥሩ ሙሉ የተሟሉ ማዘዣዎችን ድርሻ በትንሽ ፊደል እጽፋለሁ፤ የመጀመሪያው ስለ ክምችቱ፣ ሁለተኛው ስለ ነጋዴው ይነግረኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥሪ። ማዘዣ በስልክ የምትቀበል ሠራተኛ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ሥራዋ አላለቀም። የሰማችውን ኮምፒውተር ላይ ታስገባለች፤ ዋጋ ታረጋግጣለች፤ ለመጋዘን ታስተላልፋለች። በጥሪ ማዕከል ሙያ አማካይ የማስተናገጃ ጊዜ ሲባል ይህ ሁሉ የሚገባበት ነው፦

```
አማካይ የማስተናገጃ ጊዜ =
  (የንግግር ጊዜ + የማቆያ ጊዜ + ከጥሪ በኋላ የማጠናቀቂያ ጊዜ)
  ÷ የተስተናገዱ ጥሪዎች ብዛት
```

የማቆያ ጊዜ «አንድ ጊዜ ይቆዩኝ፣ መጋዘን ልጠይቅ» ተብሎ ደንበኛው መስመር ላይ የሚጠብቅበት ነው። ስልኩ ሳይነሣ የጠራበትና ወረፋ የተጠበቀበት ጊዜ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ የራሱ መለኪያ አለው። ሳይነሣ የቀረ ጥሪም ታህቱ ውስጥ አይቆጠርም።

የእርስዎ ትርጉም የማጠናቀቂያውን ጊዜ ይተወዋል። ምን እንደሚያስከትል በቁጥር ላሳይ። ገበያ ሊደርስ ሲል በሰዓት 40 ጥሪ ይመጣል እንበል። ንግግሩና ማቆያው በአማካይ 150 ሰከንድ ከሆነ የአንድ ሰዓት ሥራ 6,000 ሰከንድ ይሆናል፤ ሁለት ሠራተኞች በሰዓት 7,200 ሰከንድ አላቸውና ይበቃሉ ተብሎ ይወሰናል። እያንዳንዱ ጥሪ ግን ሌላ 60 ሰከንድ የማስገቢያ ሥራ አለው። እውነተኛው 210 ሰከንድ ነው፤ 40 ጊዜ ሲባዛ 8,400 ይሆናል። ሁለት ሰው ይህን በምንም ዓይነት ትጋት ሊጨርሰው አይችልም። ሦስት ያስፈልጋል፤ ጥሪ ደግሞ ተራ ጠብቆ ስለማይመጣ ሦስቱም ቢሆኑ ፋታ እምብዛም አያገኙም። ሁለቱ ሠራተኞች ምን ያደርጋሉ? ማዘዣውን ወረቀት ላይ እየጫሩ ያከማቹና ማታ ሌሎቹ ሲሄዱ ቁጭ ብለው ያስገባሉ። በማግሥቱ ጠዋት 30 የነበረው 20 ሆኖ ገብቶ ይገኛል። ያ ስሕተት ተመልሶ የማሟላት ምጣኔው ታህት ውስጥ ይገባል። ሁለቱን መለኪያዎች በአንድ ጽሑፍ የማነሣቸው ለዚህ ነው።

ስለ ንግግሩ ራሱ አንድ ነገር ልበል። ከሞጣም ከደጀንም የሚደውል ነጋዴ ስልክ ሲነሣለት ወደ ሳሙና አይዘልም። እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው፣ ክረምቱ እንዴት ነው ይላል፤ እርሷም በተራዋ ትጠይቃለች። ይህ ሠላሳ ሰከንድም ይሁን አርባ የማስተናገጃው አካል ነውና ቀመሩ ውስጥ ሊቆጠር ይገባል። ከተቆጠረ የሠራተኛ ቁጥር ሲወሰን ቦታ ያገኛል። ካልተቆጠረ ሠራተኛዋ ሰላምታ ስታቋርጥ ትውላለች፤ ነጋዴውም ንቀት ተሰምቶት ማዘዣውን ወደ ሌላ ይወስዳል።

መስመር መቋረጥም አለ። የስድስት ደቂቃ ማዘዣ መሐሉ ላይ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ሲቀጥል የጥሪ መቅጃው ሦስት የሁለት ደቂቃ ጥሪ አድርጎ ይይዘዋል። ኔትወርክ በከፋበት ሳምንት አማካዩ ሲያምር የሚታየው በዚህ ነው። እኛ ያወጣነው ደንብ ከአንድ ቁጥር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ የመጣ ጥሪ ከፊተኛው ጋር እንደ አንድ ይቆጠር የሚል ነው። አሥር ደቂቃ የተቀደሰ ቁጥር አይደለም፤ አንዱ ተመርጦ መጻፉ ነው ዋናው።

አራተኛ፣ አማካዮችን ደምሮ ለሠራተኛ ቁጥር ማካፈል ስሕተት ነው፤ ይህን በለዘበ ቃል ልለው አልችልም። አንዷ ሠራተኛ በቀን 60 ጥሪ በአማካይ 180 ሰከንድ፣ ሌላዋ 20 ጥሪ በአማካይ 300 ሰከንድ ብታስተናግድ በእርስዎ ስሌት 240 ይወጣል። ሰከንዱ ሁሉ ሲደመር ግን 10,800 እና 6,000 ነው፤ ለ80 ጥሪ ሲካፈል 210 ይሆናል። ሃያ ጥሪ የያዘችው ከስድሳ ጥሪ ጋር እኩል ድምፅ ስላገኘች ነው ሠላሳ ሰከንድ የተጨመረው። ለማሟላት ምጣኔም ያው ነው። የቀኖቹን መቶኛ ደምሮ ለቀኖቹ ቁጥር ማካፈል አይገባም፤ የወሩ ላዕል ሁሉ ይደመር፣ የወሩ ታህት ሁሉ ይደመር፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ይካፈል።

አምስተኛ፣ «በየወሩ» ሲሉ የትኛውን ወር ነው? እኛ የምንጽፈው መስከረም ብለን ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያወጣው ሴፕቴምበርን ነው። መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 12። ሽያጭ ክፍሉ በእኛ ወር፣ የጥሪ መቅጃው በእነርሱ ወር ቢያወጣ፣ የመስከረም የተባሉት ሁለት ቁጥሮች በአሥር ቀን ገደማ ይዛነፋሉ። የጳጉሜን ነገር ከዚህም ይብሳል። መጀመሪያ በተረከብኩት ቅጽ ላይ 12 ረድፍ ብቻ ነበር። ለዘመን መለወጫ ሱቆች አብዝተው የሚያዝዙባቸው፣ ዕቃም የሚጎድልባቸው አምስት ቀናት የትም አልተመዘገቡም። አሁን ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ተደምሮ ይሠራል፤ የመለኪያው ቀመር በሚጻፍበት ካርድ ላይም ሰፍሯል።

ሰዓቱንም እንዲሁ። እስከ 9 ሰዓት የመጣ ማዘዣ በማግሥቱ ይጫናል የሚል ቀጠሮ ለነጋዴ ሰጥተናል። ነጋዴው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትን ነው የሚረዳው፤ ኮምፒውተሩ ላይ 15:00 መሆን አለበት። አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት የመጣ ማዘዣን 08:00 ብሎ ቢያስገባ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንደመጣ ይያዛል። በ10 ሰዓት፣ ከቀጠሮው ካለፈ በኋላ የመጣውንም 10:00 ቢለው በጊዜው እንደደረሰ ይቆጠርና መጋዘኑ ባላጠፋው ይጠየቃል።

የመጨረሻው፣ ወረቀት ስለ መውደድ። ለእያንዳንዱ መለኪያ ያለን ወረቀት የግማሽ ገጽ ካርድ ነው። ቀመሩ፣ ላዕሉና ታህቱ ከየትኛው ሰነድ እንደሚወሰዱ፣ ምን እንደማይቆጠር፣ የሚቆጠርበት ወርና ሰዓት፣ ማን እንደሚያወጣው፣ ቀመሩ የጸናበት ቀን። ቀመሩ ሲለወጥ አዲስ ቀን ይጻፍበትና ያለፉት ሦስት ወራት በአዲሱ ቀመር እንደገና ይሰላሉ፤ አለበለዚያ የቀመሩ ለውጥ የሥራው ለውጥ መስሎ ይታያል። ካርዱ መጋዘን በር ላይ ተለጥፏል፤ ጫኝና አውራጁም ያነበዋል።

የቢቸናው ማዘዣ በዚህ ካርድ መሠረት 82 ሆኖ ተመዝግቧል። ስምንቱ ካርቶን ዘይት በተከታዩ ሳምንት ሲላክ በቀሪ ማዘዣዎች መዝገብ ላይ ከነቀኑ ሰፍሯል፤ ክብሪቱን ነጋዴው ከሌላ ቦታ ገዝተው ስለነበር አልፈልግም ብለዋል። ይህ መሰረዝ የመጣው ዕቃው በቀጠሮው ቀን ሳይደርስ ከቀረ በኋላ ነውና ታህቱ 100 እንደሆነ ቆይቷል።